«መያዣ አለው» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ብድሩ ሁሉ መያዣ አለው፤ ኦዲትም ተደርጓል። ታዲያ ምን ያሰጋል?» ሰሞኑን ይህን አባባል ደግሜ ሰማሁት። ተናጋሪው የአንድ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ነው። ወንድሜ፣ የነገርከኝ ሒሳቡ መግጠሙን ነው። ሒሳብ መግጠም ሌላ፣ ብድር መመለስ ሌላ።

በብዙ የሠራተኛ ማኅበራት መያዣ የሚባለው ቤት ወይም መኪና አይደለም። የተበዳሪውና የዋሶቹ ቁጠባ ነው። ስለዚህ ኦዲተር ፋይል ከፍቶ የዋስ ፊርማ ማየቱ ብቻውን አይበቃም።

አንድ አባል 40,000 ብር ቆጥቦ የሦስት እጥፉን፣ 120,000 ብር ተበደረ እንበል። ቀሪውን 80,000 ብር እያንዳንዳቸው 40,000 ብር የቆጠቡ ሁለት ዋሶች ሸፈኑ። ፋይሉ ሙሉ ነው። አሁን የአንዱን ዋስ ስም ይዘህ ሌሎቹን ፋይሎች ፈትሽ። ያው ሰው ለሌሎች ሦስት ሰዎችም ፈርሟል። ራሱም 90,000 ብር ዕዳ አለበት። ያ 40,000 ብር ገና ዱሮ በራሱ ብድር ተይዟል።

አንድ ጋቢ ለአምስት እንግዳ እንደማደል ነው። እያንዳንዱን «ጋቢ አለህ?» ብትለው «አለኝ» ይልሃል። ቀን ሙቀት ስለሆነ ማንም አይጣላም። ብርዱ ሲመጣ ግን አንዱ ሲጎትት ሌላው ይራቆታል። ፋይል በፋይል የሚያይ ኦዲተር እንግዶቹን አንድ በአንድ እየጠየቀ ነው። ጋቢውን የሚቆጥረው ዝርዝሩን በዋስ ስም ሲደረድር ነው፦ የዋሱ ቁጠባ፣ የራሱ ቀሪ ዕዳ፣ የፈረመላቸው ብድሮች።

የዋስትናውን ወረቀትም አንብቡት። የገንዘቡ ቦታ ባዶ ሆኖ የተፈረመ ስንት አይቻለሁ! በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። (ኦዲተር ግን ዳኛ አይደለም፤ ጉድለቱን ጽፎ ማሳየት ነው ድርሻው። ደግሞ የምናየው ናሙና ስለሆነ፣ አላገኘንም ማለት የለም ማለት አይደለም።)

ይህ ሁሉ እንዴት ያልፋል? መልሱ ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ነው። አንድ ማኅበር ውስጥ ለቦርድ አባል የተሰጠ ብድር አጋጠመኝ። ቼኩ የተቆረጠው በ5 ነው፤ ያጸደቀው ቃለ ጉባኤ የተያዘው በ19። ተበዳሪው ራሱ በስብሰባው ተገኝቶ ፈርሟል። ከዋሶቹ አንዱ ደግሞ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ብድሩ ቢዘገይ ማን ማንን ይጠይቃል?

ያው ሰብሳቢ በኋላ ሥራ ለቀቀ። ቁጠባው በዋስትና ተይዟል ብሎ በሒሳቡ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው አልነበረም። ሒሳብ ሹሙ ሙሉውን ቁጠባ ቆጥሮ ሰጠው። የዚያን ቀንም ሒሳቡ ገጥሟል።