የትረስ መጋጠሚያ ስንት ሚሊ ሜትር ይወርዳል? የአሃድ ጭነት ዘዴ

ጣሪያ የተሸከመ የብረት ትረስ ከታች ሆነው ሲያዩት ንቅንቅ የማይል ይመስላል። ግን ይንቀሳቀሳል። ጭነት ሲያርፍበት የሚሳበው ብረት ትንሽ ይረዝማል፣ የሚጨመቀው ትንሽ ያጥራል። መጋጠሚያዎቹም እነሱን ተከትለው ከቦታቸው ፈቀቅ ይላሉ። የአሃድ ጭነት ዘዴ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ የመረጥነው መጋጠሚያ በመረጥነው አቅጣጫ ስንት ሚሊ ሜትር ሄደ?

ዘዴውን መጀመሪያ ያወጣው ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ነው፤ በ1864 እ.ኤ.አ.። ጽሑፉ ግን በጣም አጭርና ለመሐንዲሶች የከበደ ስለነበር ብዙም ሰው ልብ አላለውም። ከ10 ዓመት በኋላ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኦቶ ሞር የማክስዌልን ሥራ ሳያውቅ በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። ዛሬም በብዙ ቦታ የማክስዌልና የሞር ዘዴ ይባላል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እውነተኛውን ጭነት ጭነን በእያንዳንዱ ብረት ውስጥ ያለውን ኃይል እናሰላለን። ቀጥሎ ያንን ጭነት ሙሉ በሙሉ እናነሳና፣ ማወቅ በምንፈልገው መጋጠሚያ ላይ፣ ማወቅ በምንፈልገው አቅጣጫ፣ አንድ ብቻ የሆነ ጭነት እናስቀምጣለን። እንደገናም በእያንዳንዱ ብረት ውስጥ ያለውን ኃይል እናሰላለን። ከዚያ ብረት በብረት እያባዛን እንደምራለን፦

```
δ = Σ n · (N · L / (A · E))
```

`N` እውነተኛው ጭነት በብረቱ ውስጥ የፈጠረው ኃይል ነው። `n` ደግሞ አንዷ ጭነት የፈጠረችው። `L` የብረቱ ርዝመት፣ `A` የቁርጡ ስፋት፣ `E` ብረቱ ለመለጠጥ ያለው እምቢተኝነት። በቅንፍ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር አይደለም፤ ብረቱ የረዘመበት ወይም ያጠረበት መጠን ነው። `n` ደግሞ ያ መርዘም በእኛ መጋጠሚያ ላይ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ትነግረናለች። `n` ዜሮ የሆነችበት ብረት የፈለገውን ያህል ቢለጠጥ የኛን መጋጠሚያ በዚያ አቅጣጫ አያንቀሳቅሰውም።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከነክነዋል። የተለጠጠ ብረት ያጠራቀመው ጉልበት ሲሰላ ግማሽ ነበረ፤ እዚህ ግማሹ የት ሄደ? ነገሩ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። አንዷ ጭነት ቀድማ ተቀምጣለች፣ ሙሉ ናት። እውነተኛው ጭነት በኋላ ሲመጣ መጋጠሚያው `δ` ይወርዳል፤ አንዷም ሙሉ ክብደቷን ይዛ አብራ ትወርዳለች። ስለዚህ የሠራችው ሥራ 1 ሲባዛ `δ` ነው። በብረቶቹ ውስጥ ያሉት የ`n` ኃይሎችም እንዲሁ ቀድመው ሙሉ ስለነበሩ ሥራቸው `n` ሲባዛ በመለጠጡ ነው። ከዜሮ ተነስቶ ቀስ በቀስ ያደገ ጭነት ላይ ነው ግማሽ የሚመጣው።

አሁን አንድ ትንሽ ትረስ ይዘን እንየው። ስፋቱ 8 ሜትር ነው። ከታች እያንዳንዳቸው 4 ሜትር የሆኑ ሁለት አግድም ብረቶች መሃል ላይ ይገናኛሉ። ከሁለቱ ድጋፎች 5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ተዳፋት ብረቶች ተነስተው ጫፍ ላይ ይጋጠማሉ። ጫፉን ከታችኛው መሃል ጋር የሚያያይዘው ቋሚ ብረት 3 ሜትር ነው። ግራው ድጋፍ የታሰረ ነው፣ ቀኙ በአግድም መንሸራተት ይችላል። ሁሉም ብረቶች 600 ካሬ ሚሊ ሜትር ቁርጥ አላቸው። `E` 200 ጊጋ ፓስካል ስለሆነ `A·E` 120,000 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። ከታችኛው መሃል መጋጠሚያ ላይ 48 ኪሎ ኒውተን ተንጠልጥሏል። የዚህ መጋጠሚያ ዝቅታ ስንት ነው?

እያንዳንዱ ድጋፍ 24 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል። ግራው ድጋፍ ጋ ያለውን መጋጠሚያ ብቻ ነጥለን ብናይ፣ ወደ ላይ የሚገፋውን 24 መቋቋም የሚችለው ተዳፋቱ ብረት ብቻ ነው። ተዳፋቱ በ5 ሜትር ርዝመት 3 ሜትር ይወጣል፤ ስለዚህ 40 ኪሎ ኒውተን ይጨመቃል። የታችኛው ብረት 32 ይሳባል። ቋሚው 48ቱን በሙሉ ተቀብሎ ይሳባል። መሳብን በመደመር፣ መጨመቅን በመቀነስ ምልክት እንያዝ።

ኃይሎቹ ከታወቁ የሚቀረው ቀላል ነው። እያንዳንዱ የታች ብረት 1.07 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ እያንዳንዱ ተዳፋት 1.67 ያጥራል፣ ቋሚው 1.2 ይረዝማል። አንዷን ጭነት እዚያው መሃል መጋጠሚያ ላይ ብናስቀምጥ የኃይሎቹ ቅርጽ ያው ነው፣ በ48 የተካፈለ ብቻ፦

```
የታች ብረቶች   2 × (+0.667) × (+1.07) = 1.42
ተዳፋት ብረቶች  2 × (−0.833) × (−1.67) = 2.78
ቋሚው          1 × (+1.000) × (+1.20) = 1.20
ድምር                                   = 5.40 ሚሜ
```

የተዳፋቶቹን ረድፍ ልብ በሉት። ሁለት የመቀነስ ምልክቶች ተባዝተው መደመር ሰጡ። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይኸው ነው፦ ተማሪው በ`N` ዓምድ የመቀነስ ምልክት ይጽፋል፣ በ`n` ዓምድ ይረሳዋል። ተዳፋቶቹን እንደዚያ ብንቀንሳቸው መልሱ ከዜሮ በታች ይመጣል፤ 48 ኪሎ ኒውተን አንጠልጥለንበት መጋጠሚያው ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መልስ ካያችሁ ወደ ምልክቶቹ ተመለሱ።

መልሱን የምናረጋግጥበት ሌላ መንገድም አለ። ጭነቱ ባለበት ይሁንና አንዷን ከላይ ጫፉ ላይ እናስቀምጣት። አሁን በቋሚው ውስጥ `n` ዜሮ ናት፣ ሌሎቹ አልተለወጡም። ስለዚህ ጫፉ 1.42 ሲደመር 2.78፣ ማለትም 4.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በመሃሉና በጫፉ መካከል ያለው ልዩነት 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ደግሞ ቋሚው ብረት የረዘመበት መጠን ነው! መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። እንግዲህ 48ቱን ወደ ጫፉ ወስዳችሁ የታችኛውን መሃል ዝቅታ ብትጠይቁ መልሱ እንደገና 4.2 ነው። ጭነቱና የምንለካበት ቦታ ቢለዋወጡ ዝቅታው አይለወጥም። ይህንንም ያሳየው ማክስዌል በዚያው በ1864ቱ ጽሑፉ ነው።

እኔ ይህን ዘዴ የምወደው ግን ከመልሱ ይልቅ በረድፎቹ ምክንያት ነው። ኮምፒውተር 5.4 ብሎ ያቆማል። በእጅ የተሠራው ግን ከ5.4ቱ ከግማሽ በላይ የመጣው ከተዳፋቶቹ መሆኑን በግልጽ ያሳያል። ዝቅታውን መቀነስ የፈለገ ሰው የትኛው ብረት ላይ ገንዘቡን እንደሚያወጣ ያውቃል። የተዳፋቶቹን ቁርጥ ወደ 1200 ካሬ ሚሊ ሜትር ብናሳድገው የእነሱ ድርሻ በግማሽ ይወርድና ድምሩ 4.0 ይሆናል።

ተዳፋቶቹን ማወፈር ግን ለዝቅታው ሲባል ብቻ አይደለም። 600 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት በግምት 60 በ60 የሆነ፣ ውፍረቱ 2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አር ኤች ኤስ ነው። 5 ሜትር የሚረዝም እንዲህ ያለ ብረት ከሁለት ጫፉ ሲጨመቅ 26 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ላይ ወደ ጎን ይጎብጣል። እኛ 40 ጭነንበታል። ሠንጠረዡ ስለዚህ ምንም አላለም፤ ረጋ ብሎ 5.4 ሰጠን። ሊለንም አይችልም። ቀመሩ ብረቱ ቀጥ ብሎ እንደሚያጥር አስቀድሞ ተቀብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ከድምሩ በፊት የሚጨመቅ ብረት ሁሉ ለመጉበጥ መፈተሽ አለበት። 100 በ100፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነው አር ኤች ኤስ ወደ 1200 የሚጠጋ ቁርጥ አለው፤ የመጉበጫ ኃይሉም ከ140 ኪሎ ኒውተን ይበልጣል።

በቅንፍ ውስጥ ያለው የመርዘም መጠን ደግሞ ከጭነት ብቻ መምጣት የለበትም። ፀሐይ ሁለቱን ተዳፋቶች ብቻ ከሌሎቹ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አብልጣ ብታሞቃቸው እያንዳንዳቸው 1.5 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ። በ−0.833 ተባዝቶ ለሁለቱ ሲደመር −2.5 ይመጣል፦ መሃሉ 2.5 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይነሳል። ሁሉም ብረቶች እኩል ቢሞቁ ግን ድምሩ ልክ ዜሮ ነው፤ ትረሱ በሙሉ እኩል ይሰፋል፣ በድጋፎቹ መስመር ላይ ያለው መሃል መጋጠሚያ ግን አይወርድም አይነሳም። ቋሚው ብረት ሲቆረጥ 4 ሚሊ ሜትር አጥሮ ከሆነም መሃሉ ገና ሳይጫን 4 ሚሊ ሜትር ተነስቶ ይጀምራል። ሆን ብለው እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ ጭነቱ ሲያርፍ ትረሱ ቀጥ እንዲል።

ሥራ ቦታ ላይ ስሌቱና የሚለካው የማይገጥሙት በአብዛኛው በብሎን ምክንያት ነው። የብሎን ቀዳዳ ከብሎኑ ይሰፋል፤ ለተለመዱት ከ16 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ትርፉ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ጭነት ሲመጣ ብረቱ ብሎኑን እስኪነካ ይንሸራተታል። በእያንዳንዱ ብረት በሁለቱም ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ተንሸራተተ እንበል። የሚሳበው ብረት 2 ሚሊ ሜትር የረዘመ ያህል ይሆናል፣ የሚጨመቀው 2 ያጠረ ያህል። በያዝናቸው `n` እናባዛ፦ ከታች ብረቶች 2.67፣ ከተዳፋቶቹ 3.33፣ ከቋሚው 2። ድምሩ 8 ሚሊ ሜትር። ብረቱ በሙሉ ተለጥጦ ከሰጠን 5.4 ይበልጣል። ሲለካ 13 ሚሊ ሜትር ያገኘ ሰው ብረቱ ደካማ ነው ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

መለየት ግን ይቻላል። ጭነቱን አንስቶ እንደገና መለካት ነው። የመለጠጡ ድርሻ፣ ያ 5.4፣ ይመለሳል። የመንሸራተቱ 8 እዚያው ይቀራል። ጭነቱ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣም ተጨማሪው ዝቅታ 5.4 ብቻ ነው፤ ብሎኖቹ ቀዳዳቸው ጠርዝ ላይ አርፈዋልና። በብየዳ የተያያዘ ትረስ ይህ ችግር የለበትም።