ተጠቃሚ «ተመለሰ» የሚባለው መቼ ነው? የኢቨንት ምርጫና ሪቴንሽን

አንድን አፕ ስንት ሰው እንዳወረደው ማወቅ ቀላል ነው። ይሥራ አይሥራ ግን ከዚያ ቁጥር አይገኝም። የዳውንሎድ ድምር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ትናንት አውርዶ ዛሬ ያጠፋው ሰውም እዚያው እንደተቆጠረ ይቀራል። በሙያው እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች «ቫኒቲ ሜትሪክ» ይሏቸዋል፤ በእኛ አባባል ውዳሴ ከንቱ ናቸው። ለጥያቄው ቀረብ ያለ መልስ የሚሰጠው ሪቴንሽን ነው፤ አብረው ከገቡ ሰዎች መካከል ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ስንቶቹ ተመለሱ የሚለው ልኬት።

ስሌቱ አንድ ማካፈል ብቻ ነው። በአንድ ሳምንት የገቡትን ሰዎች እንደ አንድ ቡድን ትይዛለህ፤ ይህ ኮሆርት ይባላል። ከእነሱ ውስጥ በኋላ የተመለሱትን ቆጥረህ ለቡድኑ ብዛት ታካፍላለህ። ጣጣው ያለው ማካፈሉ ላይ ሳይሆን «ተመለሰ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ምን ሲያደርግ ነው ተመለሰ የምንለው? በየስንት ጊዜውስ ነው መመለስ ያለበት? እነዚህ ሁለቱ ሳይወሰኑ የተሰላ ሪቴንሽን ምንም አይነግርም።

የመድኃኒት አስታዋሽ አፕን እንውሰድ። ሰውየው መድኃኒቱንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል፤ ኖቲፊኬሽኑ ላይ «ወስጃለሁ» የሚል በተን አለ። ሰውየው እሱን ነካ አድርጎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። አፑን አልከፈተውም። ሰውየው አፑ ላይ አንድ ነገር ሲያደርግ ወደ መዝገብ የሚላከው ምልክት ኢቨንት ይባላል። ሪቴንሽንን አፑ ሲከፈት በሚላከው `app_open` የሚለካ ቡድን ይህን ሰው «ጠፋ» ብሎ ይመዘግበዋል። ሰውየው ግን አፑ የተሠራለትን ነገር በየቀኑ እያገኘ ነው።

ስለዚህ ኢቨንት ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውየው ጥቅሙን የሚያገኘው የቷ ቅጽበት ላይ ነው የሚለው ነው። እዚህ ያቺ ቅጽበት `dose_confirmed` ናት። ሪቴንሽን የሚቆጠረው በእሷ ነው። ከእሷ በፊት ደግሞ ሰውየው እዚያ እንዲደርስ ግድ የሚሉ ጥቂት እርምጃዎች አሉ፤ አፑን ለመጀመሪያ ጊዜ መክፈት፣ ኖቲፊኬሽን መፍቀድ፣ አንድ መድኃኒት መመዝገብ። በእኔ ግምት ለመጀመሪያዎቹ ወራት እነዚህ አራቱ ይበቃሉ። እያንዳንዱን በተን የሚከታተል አፕ ብዙ አይቻለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ግማሹ ኢቨንት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ኢቨንቱ የሚላክበት ቦታም ቁጥሩን ይቀይራል። «አስቀምጥ» የሚለው በተን ሲነካ ከተላከ ኔትወርክ ተቋርጦ ያልተቀመጠውም ይቆጠራል። ሰውየው አምስት ጊዜ ሞክሮ ባይሳካለት፣ በአንተ ዳሽቦርድ ላይ አምስት መድኃኒት የመዘገበ ትጉህ ተጠቃሚ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ `medicine_saved` መላክ ያለበት መድኃኒቱ በትክክል መቀመጡ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። `dose_confirmed` ደግሞ ይህን ይመስላል፦

```json
{
  "event": "dose_confirmed",
  "event_id": "7f3a-0192",
  "source": "notification",
  "course": "open_ended",
  "scheduled_at": "2025-03-04T08:00:00Z",
  "confirmed_at": "2025-03-04T08:06:00Z"
}
```

`event_id` ያስፈለገው ስልኩ ኔትወርክ አጥቶ ያንኑ ኢቨንት ሁለት ጊዜ ሲልክ አንዱን ለመጣል ነው። `source` ሰውየው ከኖቲፊኬሽኑ ይሁን ከአፑ ውስጥ ያረጋገጠው ይለያል። ለዚህ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ኢቨንቶች መፍጠር አያስፈልግም። ስም ሲሰጥ ጥንቃቄ ያሻል። ለምሳሌ የጉግሉ የመለኪያ መሣሪያ ፋየርቤዝ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ስለሚለይ `Dose_Confirmed` እና `dose_confirmed` ለእሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአንድሮይዱና የአይፎኑ ገንቢ ሳይነጋገሩ የጻፉ እንደሆነ ግማሹ ተጠቃሚ ከሪፖርቱ ይጠፋል።

የመድኃኒቱ ስም እዚህ መዝገብ ውስጥ እንደሌለ ልብ በል። ሆነ ተብሎ ነው የተተወው። የመድኃኒት ስም የሰውየውን ሕመም ይናገራል፤ ሪቴንሽን ለማስላት ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። የተለመዱት መለኪያዎች ቀን 1፣ ቀን 7 እና ቀን 30 ናቸው። የገባበት ቀን ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል። ቀን ሲባል ግን የካሌንደር ቀን ነው ወይስ 24 ሰዓት? ሰውየው እኩለ ሌሊት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው አፑን ጭኖ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ መድኃኒት ቢመዘግብ በካሌንደሩ «በማግስቱ ተመለሰ» ይባላል። ከአልጋው እንኳ አልተነሳም። የትኛውም አቆጣጠር ቢመረጥ ችግር የለውም፤ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው መቁጠር ነው የሚያሳስተው።

ለዚህ አፕ ግን ቀን ራሱ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ያንን የሚወስድ ሰው በ30ኛው ቀን ላይ ተራው ካልሆነ አይታይም። ስለዚህ መስኮቱን ሳምንት እናድርገው፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያረጋገጠ ሰው ተመልሷል።

ቁጥር እናስገባበት። በአንድ ሳምንት 1000 ሰው አፑን ጫነ እንበል። ከእነሱ 600ው መድኃኒት መዘገቡ። በ30ኛው ቀን አፑን የከፈቱት 70 ናቸው፤ 7% ማለት ነው። ይህን ብቻ ያየ ቡድን አዝኖ አፑን እንደ አዲስ መሥራት ሊጀምር ይችላል። በአምስተኛው ሳምንት `dose_confirmed` የላኩትን ስንቆጥር ደግሞ 126 ሰዎች እናገኛለን። ከ1000ው 12.6% ነው። ተሻለ እንጂ አሁንም አያኮራም።

ከ600ዎቹ ውስጥ 420ዎቹ የመዘገቡት ከአስር ቀን የማይበልጥ መድኃኒት ነው፤ አንቲባዮቲክ የታዘዘለትን ሰው አስብ። 180ዎቹ ደግሞ የደም ግፊት ወይም የስኳር ዓይነት፣ ማብቂያ የሌለው መድኃኒት ነው ያስገቡት። የመጀመሪያው ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ድኖ፣ አፑን ቢያጠፋ ምን አጠፋ? አፑ ሥራውን ጨርሷል። በአምስተኛው ሳምንት እሱን መፈለግ የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ለምን አልመጣም እንደማለት ነው።

`course` የሚለው መስክ የገባው ለዚሁ ነው። በእሱ ስንለያቸው ከ126ቱ ሰዎች 117ቱ ከ180ዎቹ ወገን ሆነው ይገኛሉ። ያ ከ180ዎቹ 65% ነው። ሳምንት በሳምንት ስናየው በሁለተኛው 70%፣ በሦስተኛው 66%፣ በአራተኛውና በአምስተኛው 65% ሆኖ ቆሟል። ሪቴንሽን ላይ መፈለግ ያለበት ይህ ነው። ሁሉም መስመር መጀመሪያ ይወርዳል፤ ዋናው ነገር የሆነ ቦታ ላይ ረግቶ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። የረጋ መስመር ማለት አፑን የኑሮው አካል ያደረገ ቡድን አለ ማለት ነው። ወደ ዜሮ የሚንሸራተት መስመር ካለ ግን አዲስ ሰው ማምጣት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ለ420ዎቹ መለኪያው ሌላ መሆን አለበት። የሚጠየቀው መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ተከታትለዋል ወይ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ያረጋገጡት 231 ከሆኑ 55% ይሆናል። ቡድኑ ሊያስጨንቀው የሚገባው ይኸኛው ቁጥር ነው። ሰው ሲሻለው መድኃኒቱን ይተዋል፤ አስታዋሹም ከዚያ አላዳነውም።

ምንም መድኃኒት ሳይመዘግቡ የቀሩት 400ዎቹስ? እነሱ ጋር ያለው ጥያቄ የሪቴንሽን አይደለም። ያልመጣ ሰው አይመለስም። ይህ ደረጃ አክቲቬሽን ይባላል። የስታርትአፕ ኢንቨስተሩ ዴቭ ማክሉር እ.ኤ.አ. በ2007 ባስተዋወቃቸው አምስት የመለኪያ ደረጃዎች ውስጥም ሪቴንሽንን ቀድሞ ይገኛል። እዚህ የት እንደቀሩ ለማወቅ በ`first_open` እና በ`medicine_saved` መካከል ያለውን ማየት ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ነው። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ አፑ ተጠቃሚውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ አይፎን ላይም እንዲሁ ነው። ገና ምንነቱን ባላወቀበት በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጠየቀ ሰው «አይ» ሊል ይችላል። መድኃኒት ቢመዘግብም አስታዋሹ አይጮኽለትም። የፈቀዱትን ከከለከሉት ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱ ሁሉ የፈቃዱ ውጤት ነው ማለት ግን አይቻልም። የፈቀዱት ከመጀመሪያውም የበለጠ የፈለጉት ሊሆኑ ይችላሉ። ጥያቄውን ለግማሾቹ አዲስ ገቢዎች፣ በዕጣ ተመርጠው፣ መድኃኒቱን ከመዘገቡ በኋላ አቅርቦ ማየት ነው የሚለየው።

ስሌቱ ላይ በብዛት የማየው ስሕተት ገና ያልደረሱ ሰዎችን ማካተት ነው። ከአስር ቀን በፊት የገባ ሰው አምስተኛ ሳምንቱ አልመጣም። እሱን ማካፈያው ውስጥ ካስገባኸው ሪቴንሽኑ ያለ ጥፋቱ ይወርዳል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የቅርቦቹ ኮሆርቶች ሁልጊዜ ከድሮዎቹ የባሱ ሆነው ይታያሉ፤ ሲቆዩ ደግሞ «ይሻሻላሉ»።

ሌላው የሰው ስብጥር ነው። የጉንፋን ወቅት መጥቶ አጭር መድኃኒት የያዙ ሰዎች ቢበዙ ጠቅላላው ቁጥር ያሽቆለቁላል፤ የ180ዎቹ ዓይነት ሰዎች 65% ላይ እንዳሉ ናቸው። አንድ ጊዜ አብሬው የሠራሁት ቡድን እንዲህ ያለ መውረድ አይቶ ያለፈውን ወር ለውጥ በሙሉ መልሶ አጠፋ። ቡድኖቹን ለያይተን ስናይ በአንዳቸውም ውስጥ የወረደ ነገር አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም `dose_confirmed` ማለት መድኃኒቱ ተዋጠ ማለት አይደለም፤ በተኑ ተነካ ማለት ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ማታ ላይ የቀኑን ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ «ወስጃለሁ» ብሎ ይዘጋል። ሁለቱ ሰዓቶች፣ `scheduled_at` እና `confirmed_at`፣ አብረው የሚላኩት ለዚህ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰዓታት እየሰፋ ከሄደና ሦስት ማረጋገጫ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከመጣ፣ ሰውየው የሚያጸዳው ኖቲፊኬሽኑን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ማረጋገጫ ለብቻው መቁጠርና ከ65%ው ውስጥ ስንቱ የእሱ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።