«ቃላቱን እኮ ቀይሬያቸዋለሁ» ለሚሉ የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጆች

«መምህር፣ ቃላቱን እኮ በሙሉ ቀይሬያቸዋለሁ፤ ምንጩንም ጠቅሻለሁ።»

የመመረቂያ ጽሑፍ በማማክርበት ጊዜ ሁሉ፣ ከሌላ ሰው የተወሰደው ሐሳብ ለምን በራሳቸው አገላለጽ እንዳልተጻፈ ተማሪዎቼን ስጠይቅ ይህን መልስ እሰማለሁ። የሚመልሱልኝ ተማሪዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰነፎች አይደሉም፤ መዝገበ ቃላት ከጎናቸው አስቀምጠው አንዱን ቃል በሌላው ሲተኩ ያመሹ ናቸው። የሚያሳዝነው ድካማቸው የዋለው በማይጠቅመው በኩል መሆኑ ነው። የጸሐፊው ድርሻ ቃላቱ ብቻ አይደሉም፤ ሐሳቡን ያስቀመጠበት ቅደም ተከተል፣ ምክንያትንና ውጤትን ያያያዘበት መንገድ፣ አንዱን አጉልቶ ሌላውን ያለዘበበት አኳኋንም የእርሱ ነው። ይህ ሁሉ ባለበት ቆሞ ቃላቱ ብቻ ሲለወጡ ጽሑፉ የሌላ ሰው እንደሆነ ይቀራል።

ነገሩን በምሳሌ ለማሳየት፣ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ እምቦጭ አረም የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ራሴ አዘጋጅቻለሁ። እገሌ የሚባል ሰው በ2012 ጻፈው እንበል፦

«የዓሣ አስጋሪዎች ገቢ የቀነሰው እምቦጭ ጀልባዎቻቸው ወደ ውኃው የሚገቡበትን መንገድ ስለዘጋባቸው ብቻ ሳይሆን፣ መረቦቻቸው በአረሙ እየተያዙ ስለሚቀደዱና ለጥገና የሚያወጡት ወጪ ስለጨመረ ጭምር ሊሆን ይችላል።»

«ቀይሬዋለሁ» የሚለው ተማሪ የሚያመጣልኝ እንዲህ ያለውን ነው፦

የዓሣ አጥማጆች ገቢ ያሽቆለቆለው እምቦጭ ታንኳዎቻቸው ወደ ሐይቁ የሚዘልቁበትን መተላለፊያ ስለዘጋባቸው ብቻ ሳይሆን፣ መረቦቻቸው በአረሙ እየተጠለፉ ስለሚበጣጠሱና ለእድሳት የሚያወጡት ገንዘብ ስለበዛ ጭምር ነው (እገሌ፣ 2012)።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው አጥንቱ አንድ ነው። «ብቻ ሳይሆን» እና «ጭምር» በቦታቸው አሉ፤ ምክንያቶቹም በዚያው ተራ ተሰልፈዋል። ይህ ግን ከጉዳቱ ግማሹ ነው። ጸሐፊው «ሊሆን ይችላል» ብሎ የተወውን ግምት ተማሪው «ነው» ብሎ አጽድቆታል፤ በዚህም ያልተባለን ነገር በእገሌ ስም ተናግሯል። «ጀልባ» የሚለውን «ታንኳ» ማድረጉም እንደዚያው ነው። ጣና ላይ ታንኳ ከደንገል የሚሠራውን ባህላዊ መጓጓዣ ያመለክታል፤ ጸሐፊው ግን ስለ ጀልባ በጠቅላላው ነበር የተናገረው። ተማሪው ቃል ለመሸሽ ሲል የተጠናውን ነገር ለውጦታል።

ርብቃ ሙር ሃዋርድ የተባሉ አሜሪካዊት የጽሑፍ መምህር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ላለው ጽሑፍ «ፓችራይቲንግ» የሚል ስም አውጥተውለታል። አንዳንድ ቃላትን መሰረዝ፣ ሰዋስዉን ጥቂት መነካካት፣ ቃልን በአቻው መተካት መለያዎቹ ናቸው። እኚሁ ምሁር ድርጊቱ ብዙ ጊዜ ከማታለል ፍላጎት ሳይሆን ምንጩን ገና በቅጡ ካለመረዳት እንደሚመጣ ተከራክረዋል፤ በእኔም ልምድ እውነት ነው። ያልገባውን ጽሑፍ የያዘ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ መላቀቅ ስለማይችል ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል።

ለዚህ ነው ተማሪዎቼን በመጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን አስቀምጡ የምላቸው። አንቀጹን እስኪገባችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ገጹን ዝጉትና በዐረፍተ ነገር ሳይሆን በቁርጥራጭ ማስታወሻ ያዙ። ከላይ ላለው ምሳሌ «ገቢ መቀነስ፤ መግቢያ መዘጋት፤ የመረብ ጥገና ወጪ፤ ግምት ነው፤ እገሌ 2012፣ ገጽ 41» የሚለው በቂ ነው። ስትጽፉ የምታዩት ማስታወሻውን ብቻ ይሁን፤ የዐረፍተ ነገሩንም መነሻ የራሳችሁ ክርክር የሚፈልገው ነገር ይወስነው። ጽሑፋችሁ ስለ ቤተሰብ ወጪ ከሆነ ከወጪው መጀመር ትችላላችሁ፦

እገሌ (2012) እንደሚገምተው እምቦጭ የአስጋሪዎችን ኪስ የሚጎዳው በሁለት በኩል ሳይሆን አይቀርም። በአንድ በኩል አረሙ የቀደደውን መረብ ለማስጠገን ከቀድሞው የበለጠ ያወጣሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጀልባ የሚያስገቡበት ያጣሉ።

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፣ አንዱ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሆኗል፣ ግምቱ ግን ግምት እንደሆነ ቀርቷል። በመጨረሻ ምንጩ ተከፍቶ ሁለቱ ይመሳከራሉ፤ የሚታየውም ትርጉሙ መጠበቁ፣ «ምናልባት»ና «አብዛኛውን ጊዜ» የመሳሰሉት መለዘቢያዎች አለመጥፋታቸው፣ ሳይታወቅ የተገለበጠ ሐረግ አለመኖሩ ነው።

«ታዲያ ከጠቀስኩት እንዳለ ብወስደውስ ምን አለበት?»

ያለ ትምህርተ ጥቅስ የቀረበ ዐረፍተ ነገር ለአንባቢ የሚናገረው «ሐሳቡ የእገሌ ነው፣ አባባሉ ግን የእኔ ነው» የሚል ነው። አባባሉም የእገሌ ከሆነ «» ውስጥ ይግባና የገጹ ቁጥር ይጻፍ። የሚጠቀሰው ስምና ዓመተ ምሕረት የሐሳቡን ዕዳ ይከፍላል፤ የአገላለጹን ዕዳ አይከፍልም።

«በራሴ አገላለጽ ከጻፍኩት መጥቀስ አያስፈልገኝም።»

ያስፈልጋል፤ ግኝቱ አሁንም የሌላ ሰው ነው። ሳይጠቀስ የሚታለፈው ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. መደረጉን ለመጻፍ ማንም ምንጭ አይጠይቃችሁም።

«አንድም ቃል ከምንጩ ጋር መመሳሰል የለበትም።»

ይህ ፍርሃት ያበላሻቸውን ጽሑፎች አንብቤ ስለማውቅ ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። የሙያ ቃል አይተካም፤ እምቦጭ እምቦጭ ነው። አንዲት ተማሪ የምንጩን «አማካይ ገቢ» «መካከለኛ ገቢ» አድርጋ አመጣችልኝ። አማካይ ሁሉም ተደምሮ ለቁጥሩ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ መካከለኛ ግን በስታቲስቲክስ በተራ ከተደረደሩት መሃል ላይ የሚገኘው ሲሆን፣ በተራ ንግግር ደግሞ ሀብታምም ድሃም ያልሆነ ሰው ገቢ ይመስላል። ጥቂት ባለጸጎች ባሉበት መንደር ሁለቱ ቁጥሮች እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። «ተዛምዶ አለው» የሚለውን «ያስከትላል» ማለትም ከዚህ የከፋ እንጂ የተሻለ አይደለም። ሙያዊ ቃላቱን እንዳሉ ይዛችሁ በዙሪያቸው ያለውን ዐረፍተ ነገር እንደ አዲስ አዋቅሩ።

«ተርኒቲን 8 በመቶ ብቻ ነው ያለኝ፤ ስለዚህ ንጹሕ ነኝ።»

ሶፍትዌሩ የሚለካው የጽሑፍ መመሳሰልን ነው፤ ስርቆት መኖር አለመኖሩን የሚፈርደው አንባቢው ነው። በአግባቡ የተጠቀሱ ቃል በቃል ጥቅሶች መቶኛውን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ቃል በቃል የተተካካ የሌላ ሰው አንቀጽ ደግሞ ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ሊያልፍ ይችላል።

«በአንቀጹ መጨረሻ አንድ ጊዜ ጠቅሻለሁ።»

አንቀጹ ሦስት ዐረፍተ ነገር ከሆነና ሁሉም ከዚያው ምንጭ መምጣታቸው ግልጽ ከሆነ ችግር የለውም። አንድ ገጽ ሊሞላ በተቃረበ አንቀጽ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለች ቅንፍ ግን የትኛው የእገሌ፣ የትኛው የጸሐፊው እንደሆነ አትነግረኝም። ምንጩን መጀመሪያ ላይ «እገሌ (2012) እንደሚለው» ብሎ ማስገባት፣ ወደ ራስ አስተያየት ሲሻገሩም መሻገራቸውን መናገር ይሻላል።

«ከእንግሊዝኛ ነው የተረጎምኩት፤ ስለዚህ አማርኛው የራሴ ነው።»

የትርጉም ሥራው የእርስዎ ነው፤ ሐሳቡም አደረጃጀቱም ግን የባዕዱ ጸሐፊ ነው። በኤ.ፒ.ኤ. አጻጻፍ ሥርዓት ጸሐፊ ራሱ የተረጎመው ምንባብ በራስ አገላለጽ እንደ ተጻፈ ይቆጠራል፤ ትምህርተ ጥቅስ አያሻውም፣ ምንጩ ግን የግድ ይጠቀሳል። ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እየተከተሉ ሦስት ገጽ መተርጎምና ከሥሩ አንድ ስም ማስቀመጥ ግን የምርምር ጽሑፍ አይሆንም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሲመጣልኝ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛውን ከፍቼ የአንቀጾቹን መነሻ ዐረፍተ ነገሮች በተራ እቆጥራለሁ፣ ከገጠሙም ምዕራፉን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።