በአጭር ተረት ላይ የንባብ ጥያቄ ስናወጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«‹ማን›፣ ‹የት› እና ‹መቼ› ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፤ ‹ለምን› እና ‹እንዴት› ደግሞ ከባድ።»

ይህን ያልሰማሁበት የመምህራን ስብሰባ የለም፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። የጥያቄ ክብደት የሚለካው በመጠይቁ ቃል ሳይሆን መልሱ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ፒርሰን እና ጆንሰን የተባሉት የንባብ ምሁራን በ1978 እ.ኤ.አ. ጥያቄን በሦስት የከፈሉት በዚሁ መሠረት ነው፦ መልሱ በግልጽ ተጽፎ የሚገኝ፣ ዓረፍተ ነገሮችን አገናኝቶ የሚደረስበት፣ እና አንባቢው ከራሱ ዕውቀት ጨምሮ የሚመልሰው። ለክፍል ብዬ የጻፍኳትን ይህችን አጭር ተረት እንይ።

ቁራና ኤሊ በድርቅ ጊዜ አንዲት የውሃ ጉድጓድ አገኙ። ቁራ ውሃው እንዳያልቅ ስለ ፈራ ለማንም እንዳትናገር ኤሊን አስማላት። በማግስቱ ጠዋት ጭቃው ላይ የሚዳቋ ኮቴ ታየ። ቁራ «ምስጢራችንን አወጣሽ!» ብሎ ተቆጣ። ኤሊም «እኔ ሌሊቱን ከዚህ አልተነቃነቅሁም። ማታ ዛፍ ላይ ወጥቶ ስለ ውሃው ሲዘፍን ያመሸው ማን ነው?» አለችው። ቁራ ዝም አለ።

አሁን ሁለት ጥያቄ ልጠይቅ። «ቁራ ኤሊን ለምን አስማላት?» መልሱ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቁጭ ብሏል፤ «ስለ» የምትለዋን ቃል ፈልጎ መገልበጥ ብቻ ነው። ይህን ለማድረግ ተረቱን መረዳት እንኳ አያስፈልግም። የምትጠራጠሩ ከሆነ ይህን የፈጠራ ዓረፍተ ነገር አንብቡ፦ «ዘልማ ቁርፊን ስለ ጎነፈ ተፈነቀ።» ዘልማ ለምን ተፈነቀ? መልሱን አገኛችሁት፤ ግን ምን ተረዳችሁ?

ሁለተኛው ጥያቄ «ምስጢሩን ያወጣው ማን ነው?» ይላል። በ«ማን» ይጀምራል፣ መልሱም አንድ ቃል ነው፤ ተረቱ ግን ይህን የትም ቦታ በቀጥታ አይናገርም። ልጁ የኤሊን ጥያቄ፣ የቁራን ዝምታና የሚዳቋን ኮቴ ማገናኘት አለበት። አንድ ድምፁ እየተንቆረቆረ የሚያነብ ተማሪዬ «ለምን» ያልኩትን ሁሉ በትክክል መለሰና እዚህ ላይ «ኤሊ» ብሎ ጻፈ። የቁራን ክስ እንደ እውነት ወስዶታል። «ሚዳቋ» ብሎ የጻፈ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ጥያቄው ስለ ማን እንደሆነ አልገባውም። ደህና ጥያቄ ማለት ይህ ነው፤ የተሳሳተው መልስ ራሱ ልጁ የት ላይ እንደተደናቀፈ ይናገራል።

ስለዚህ ጥያቄ ካወጣችሁ በኋላ ከእያንዳንዱ አጠገብ መልሱ ያለበትን የዓረፍተ ነገር ቁጥር ጻፉ። አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛው ነው። ከቁጥሩ ሌላ ከልጁ ዕውቀት የሚጨመር ነገር ካስፈለገ ሦስተኛው ነው። ምንም ቁጥር ካልተገኘለት ግን ጥያቄው ከተረቱ ጋር አይገናኝምና ይሰረዝ።

«ረጅም ጥያቄ ከባድ ነው።»

አይደለም። ረጅም ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱን ራሱ ይጠቁማል።

«‹ከተረቱ ምን ትማራላችሁ?› ከሁሉም የላቀው ጥያቄ ነው።»

ምክሩ ተረቱ መጨረሻ ላይ ከተጻፈ ይህ ተራ የመገልበጥ ጥያቄ ነው። ካልተጻፈም ልጆች «መዋሸት ጥሩ አይደለም» የሚል ለማንኛውም ተረት የሚሆን መልስ በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዱ መምህርም ሙሉ ነጥብ ይሰጥበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ተረቱን ላላነበበ ሰው ጥያቄውን ስጡት። ከመለሰው ጥያቄው ንባብን አይለካም።

«የአስተያየት ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ስለሌለው ነጥብ አይሰጥበትም።»

ይሰጥበታል፤ ነጥቡ የሚሰጠው ግን ለአቋሙ ሳይሆን ለማስረጃው ነው። «ቁራ ኤሊን መቆጣቱ ተገቢ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ «አልነበረም፤ ሳያጣራ ከሰሳት፣ ሌሊቱን አልተነቃነቀችም» ይላል። ሌላው «ነበር፤ ያን ጊዜ ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ መስለውታል፣ እሷ ደግሞ ምላ ነበር» ይላል። ሁለቱም ከተረቱ ጠቅሰዋልና ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። «አልነበረም፤ ቁጣ መጥፎ ነው» ያለው ግን የማስረጃውን ነጥብ ያጣል፤ ለዚህ መልስ ተረቱን ማንበብ አላስፈለገውም። ይህን አሰጣጥ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ለልጆቹ ንገሯቸው፤ አለዚያ አቋማቸውን ብቻ ጽፈው ይቀመጣሉ።