ካርዱ መቼ ይሰጥ?
ሰርቬይ ለሚመልስ ሰው የሚሰጥ ማበረታቻ፣ ማለትም ኢንሴንቲቭ፣ ሲባል ብዙ ሰው ስለ መጠኑ ነው የሚጨቃጨቀው፣ ዋናው ግን መቼ ይሰጥ የሚለው ነው። በፖስታ በሚላክ ሰርቬይ መጠይቁ ውስጥ ቀድማ የገባች ትንሽ ብር "ሞልተህ ስትልክ" ከሚባል በዛ ያለ ብር የበለጠ መላሽ ታመጣለች፣ ተቀብሎ ዝም ማለት ይከብዳላ፣ ይሉኝታ በሉት። በስልክ ግን "100 ብር ካርድ ለገበሬዎች" ብለህ ከጀመርክ ነጋዴውም ገበሬ ነኝ ይልሃል፣ አንዱ ሰው በሁለት ሲም ይመጣና ያው ቀበሌ፣ ያው የቤተሰብ ብዛት ሲደገም ታየዋለህ። ስለዚህ ማጣሪያ ጥያቄውን አስቀድም፣ ካርዱን ከዛ ተናገር። ደግሞ መሀል ላይ ያቆመ ሰው ካርዱን የሚያጣ ከሆነ "በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ" ያልከው ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው፣ በተለይ 100 ብሩ የግድ ለሚያስፈልገው ሰው።