የማይሰበሰብ ዕዳ፦ ጣርማ በርን ያለፈ ዱቤ እና ቀድሞ የተከፈለው ቫት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጅምላ ንግድ ያለ ዱቤ አይንቀሳቀስም። ደብረ ብርሃን ያለው ጅምላ ሻጭ ዕቃውን ይጭናል። መኪናው ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ ከዕቃው በኋላ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ያልመጣው ገንዘብ በግብር ሕጉ ቋንቋ «የማይሰበሰብ ዕዳ» ይባላል። ዕዳውን ከመዝገብ መሰረዝ፣ በሱ ምክንያት የትርፍ ግብር ማስቀነስ እና በሽያጩ ላይ የተከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ማስመለስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነጋዴው ግን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ታሪኩ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው፤ ስሌቱ ግን ሕጉ የሚለው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚያከፋፍል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ለአንድ የሸዋ ሮቢት ባለሱቅ ቆርቆሮ እና ሚስማር ሸጠ። ዋጋው 400,000 ብር ነው። 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 60,000 ብር፣ በድምሩ 460,000 ብር ሆነ። ባለሱቁ 115,000 ብር በእጅ ከፈለ። ለቀሪው 345,000 ብር ለታኅሣሥ መጨረሻ የተጻፈ ቼክ ሰጠ።

ቫት ገንዘቡ እስኪገባ አይጠብቅም። ደረሰኝ ከተቆረጠ ሽያጩ በዚያ ወር ተደርጓል። ስለዚህ ማኅበሩ ሙሉውን 60,000 ብር በመስከረም ሽያጩ ውስጥ አስገብቶ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አሳወቀ። በእጁ የገባው አራተኛው እጅ ብቻ ቢሆንም ከቫቱ አንድም ሳንቲም በይደር አልቀረም። ከዱቤ በሽታዎች መካከል በጣም የሚያመው ይሄኛው ነው፤ ሻጩ ለገዢው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ታክስም ያበድረዋል።

እዚህ ላይ ደጋግሜ የምሰማው ስህተት አለ። «እኔ እኮ ለመንግሥት የከፈልኩት ልዩነቱን ብቻ ነው፤ የከሰርኩትም እሱኑ ነው» ይላሉ። ማኅበሩ ዕቃውን በ360,000 ብር ገዝቶ ከነበረ ለአስመጪው 54,000 ብር ቫት ከፍሏል። ከ60,000 ላይ 54,000 አቀናንሶ ለገቢዎች ያስገባው 6,000 ብር ብቻ ነው። ግን 54,000ውም ከኪሱ ነው የወጣው። ከገዢው ይሰበሰባል ተብሎ የታሰበው 60,000 ካልመጣ ጉድለቱ በ6,000 አይለካም።

ወደ ባለሱቁ እንመለስ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን እና ደብረ ሲናን አዳረሰ። በምሳሌአችን የባለሱቁ መጋዘን ተዘረፈ። ቼኩ ባንክ ሲቀርብ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ሰውየው አጭበርባሪ አይደለም፤ የለውም እንጂ። ሆኖም ዕቃውን ተረክቦ ስለነበር የጠፋው የሱ ንብረት ነው፣ የዋጋው ዕዳም አልጠፋም። የማኅበሩ ሂሳብ ሠራተኛ «ዕቃው በጦርነት ወደመ» ብሎ እንደራሱ የዕቃ ኪሳራ ቢመዘግበው ትክክል አይሆንም። ማኅበሩ የቀረበት ቆርቆሮ ሳይሆን ተሰብሳቢ ሂሳብ ነው።

ይህን ተሰብሳቢ ከግብር ለማስቀነስ የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሦስት ነገር ይጠይቃል። ዕዳው ቀድሞ በገቢነት ተይዞ የነበረ መሆን አለበት። በዚያው የግብር ዓመት ከሂሳብ መዝገብ መሰረዝ አለበት። ሻጩም አስፈላጊውን ሕጋዊ እርምጃ ወስዶ ገንዘቡን መሰብሰብ ያልቻለ መሆን አለበት። ባንክ እና ኢንሹራንስ የራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ አንገባባቸውም።

ነጋዴውን የሚጥለው ሦስተኛው ነው። በእኛ አገር ዕዳ ሲከብድ መጀመሪያ የሚላከው ሽማግሌ ነው። ይሄ የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ያስመለሰ መንገድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ወረቀት አይተውም። ከሁለት ዓመት በኋላ የገቢዎች ኦዲተር ሲመጣ «አባቶች ልከን ነበር፣ የለኝም አለ» የሚል መልስ ፋይል ውስጥ አይታሰርም። መደወልም፣ መለመንም፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍም ብቻቸውን ሕጋዊ እርምጃ ለመባል ያንሳሉ። በስንቅ አልባ ቼክ ፖሊስ ጣቢያ መክሰስም ሌላ መንገድ ነው። የወንጀል ክሱ ሰውየውን ያስቀጣ ይሆናል፤ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ግን አይተካም።

የምሳሌአችን ማኅበር በ2015 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ክስ መሠረተ። ቼክ በእጅ ካለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በተፋጠነ መንገድ መክሰስ ይቻላል። ተከሳሹ የሚከራከረው ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ፍርድ ተሰጠ። ፍርድ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብ የሚፈለገው በአፈጻጸም መዝገብ ነው። ሱቁ ኪራይ ሆኖ ተገኘ። በስሙ የተመዘገበ መኪና የለም። ባንኮች ሲጠየቁ ሂሳቡ ባዶ ነው የሚል መልስ ሰጡ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የሚፈጸምበት ንብረት እስኪገኝ ብሎ መዝገቡን ዘጋው። «አይሰበሰብም» ለሚለው ቃል ፍሬ የሰጠው ያ ትእዛዝ ነው። የፍርዱን እና የትእዛዙን ግልባጭ፣ የባንኮቹን መልስ እና የተመለሰውን ቼክ አንድ ላይ ያላስቀመጠ ሰው ክርክሩን ግማሽ በግማሽ ጥሎታል።

ቀጥሎ መሰረዙ ነው። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ስለዚህ ማኅበሩ ከሰኔ 30 ቀን 2016 በፊት ቃለ ጉባኤ ይዞ ዕዳውን ከተሰብሳቢ ሂሳብ አወጣ። ቀኑ ዋጋ አለው። ተሰርዞ ሳይመዘገብ ከዓመቱ መጨረሻ ላይ «ከተሰብሳቢያችን አሥር በመቶው ሳይቀር አይቀርም» ብሎ መጠባበቂያ መያዝ ለሂሳብ መግለጫ ይጠቅማል፤ ለግብር ግን ተቀናሽ አይሆንም። የሚቀነሰው የታወቀ ሰው፣ የታወቀ ደረሰኝ እና የታወቀ ዕዳ ነው።

አሁን ስንት ይቀነሳል? ከመዝገብ የወጣው 345,000 ብር ነው። በውስጡ ሁለት ነገር አለ፦ 300,000 ብር የዕቃ ዋጋ፣ 45,000 ብር ቫት። የመጀመሪያውን መስፈርት እናስታውስ፦ ዕዳው ቀድሞ በገቢነት የተያዘ ይሁን። ማኅበሩ በ2014 የግብር ዓመት በገቢነት ያሳወቀው 400,000 ብር ነው፣ 460,000 አይደለም። ቫት ገቢ ሆኖ አያውቅም፤ ለመንግሥት የሚተላለፍ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በማይሰበሰብ ዕዳ ስም የሚቀነሰው 300,000 ብር ብቻ ነው። ማኅበሩ 30 በመቶ የትርፍ ግብር ስለሚከፍል፣ በዓመቱ በቂ ትርፍ ካለው 90,000 ብር ይቀልለታል። 45,000ው በሂሳብ መዝገቡ ወጪ ሆኖ ይታያል፤ የግብር ስሌቱ ላይ ግን ተመልሶ ይደመራል። ይህን ረስቶ 345,000 የቀነሰ ኦዲት ሲደረግ 13,500 ብር ግብር ከነቅጣቱ እና ከነወለዱ ይጠየቃል። ሽያጩን ገንዘብ ሲገባ ብቻ የሚመዘግብ አነስተኛ ነጋዴ ደግሞ ከመነሻው ይህ ተቀናሽ የለውም። ያልተከፈለውን ገቢ ብሎ ስላላሳወቀ የሚቀንስለት ነገር የለም።

45,000 ብሩስ በቫት በኩል ይመለሳል? ሽያጩ የተደረገው የ1994ቱ የቫት አዋጅ ቁጥር 285 በሚሠራበት ጊዜ ነው። ያ አዋጅ የሽያጭን ታክስ ለማስተካከል የሚፈቅደው ሽያጩ ሲሰረዝ፣ የሽያጩ ባሕርይ ከሥሩ ሲለወጥ፣ ዋጋው በስምምነት ሲቀየር፣ ወይም ዕቃው ሲመለስ ነው። «ገዢው አልከፈለም» ከነዚህ አንዱ አይደለም። ሻጩ ለብቻው ከመዝገቡ ስለሰረዘ ደግሞ ዋጋው በስምምነት ተቀየረ አይባልም። ፍርዱ ራሱ ሙሉው ዕዳ አለ ነው የሚለው። ስለዚህ 45,000 ብሩ በሻጩ ላይ ይቀራል። ከ2016ቱ የቫት አዋጅ ቁጥር 1341 ወዲህ ለተደረገ ሽያጭ የሚነበበው የዚያ አዋጅ ቃል ነው።

አንዳንዱ ክሬዲት ኖት ቆርጦ ቫቱን ያቀናንሳል። አደገኛ ነው። ክሬዲት ኖት ለገዢውም ይነገራል። ገዢው በግዢ ታክስነት ያቀናነሰውን በዚያው ልክ መልሶ መክፈል አለበት። ዕቃ ሳይመለስ፣ ዋጋ ሳይቀየር የተቆረጠ ክሬዲት ኖት በሁለቱ ሰዎች መዝገብ ላይ ሲተያይ ወዲያው ይታወቃል።

ቫቱን በትክክል ማትረፍ የሚቻለው ቀደም ብሎ፣ ገዢው ዕቃውን ገና ሳይሸጠው ነው። ባለሱቁ በጥቅምት «ገበያ ቀዝቅዟል» ባለ ጊዜ 100,000 ብር የሚያወጣ ቆርቆሮ ሳይነካ መጋዘኑ ውስጥ ነበር እንበል። ያኔ መኪና ልኮ ማስመለስ ይቻል ነበር። ለተመለሰው ዕቃ በ100,000 ብር ዋጋ እና በ15,000 ብር ቫት ክሬዲት ኖት ይቆረጣል። ሻጩ የወሩን የሽያጭ ታክስ በ15,000 ይቀንሳል፤ ገዢው የግዢ ታክሱን በ15,000 ይቀንሳል። ዕዳው ወደ 230,000 ይወርዳል። ሽማግሌም እዚህ ላይ ነው የሚያዋጣው፤ «ገንዘቡ ባይኖር ዕቃውን መልስ» ለማለት። የጭነት ወጪው እና ሐፍረቱ ብዙ ሻጭን ያስቀራል፤ ስሌቱን ላየ ግን ጣርማ በርን ወጥቶ መውረድ ሊያዋጣ ይችላል።

ምሳሌው ሲደመር ማኅበሩ 345,000 አጥቶ 90,000 በግብር አገኘ፤ 255,000 ብር ከራሱ ወጣ። ይህ ግን የመጨረሻ ላይሆን ይችላል። ከመዝገብ መሰረዝ ለባለሱቁ ምሕረት አይደለም። ፍርዱ ለአሥር ዓመት ሊፈጸም ይችላል፤ ሸዋ ሮቢት እንደገና ሲነቃቃ ባለሱቁም ሊነሳ ይችላል። አንድ ቀን መጥቶ ሙሉውን 345,000 ቢከፍል፣ 300,000ው በተከፈለበት ዓመት እንደ ገቢ ተይዞ ግብር ይከፈልበታል፤ ቀድሞ ተቀንሶ ነበርና። 45,000ው ግን ገቢ አይደለም። ማኅበሩ በጥቅምት 2014 ለመንግሥት አስቀድሞ የከፈለለት የባለሱቁ ቫት ነው።