በመጽሐፍ ጎን ላይ የተጋደመ ርዕስ ወደ ዐረብኛ ሲተረጎም

አዲስ አበባ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ፊደል በፊደል የተደረደረ ታፔላ ብርቅ አይደለም። «ፋ» ከላይ፣ ሥሩ «ር»፣ ከዚያ «ማ»፣ ከዚያ «ሲ»። አላፊ አግዳሚው ሳይቸገር ያነበዋል። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚቆም እንደ ጡብ ቢደራረብ ምንም አይሆንም። ዐረብኛ ግን እንዲህ አይቆለልም።

አብዛኞቹ የዐረብኛ ፊደላት በቃል ውስጥ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ቅርጻቸውም በቦታቸው ይለወጣል፦ መጀመሪያ ላይ፣ መሀል ላይ፣ መጨረሻ ላይ፣ ለብቻ። ለምሳሌ «የቡና ታሪክ» የሚል መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ተተረጎመ እንበል። ርዕሱ «ታሪኽ አል-ቀህዋ» ይሆናል፤ በዐረብኛ ሲጻፍ 11 ፊደል ነው። በመጀመሪያው ቃል አንደኛውና ሁለተኛው ፊደል ይያያዛሉ፣ ሦስተኛው ብቻውን ይቆማል፣ አራተኛውና አምስተኛው እንደገና ይያያዛሉ። ይሄንን ፊደል በፊደል ወደ ታች ብትደረድረው 11 የተበታተኑ ምልክቶች ይወጡሃል። ዐረብኛ አንባቢ ፊደላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፣ ቃሉን ግን ለማግኘት መገጣጠም አለበት። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ መስመሩን እንዳለ ማጋደም።

ጥያቄው ወደየት ነው የሚጋደመው የሚለው ነው። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሲቆም፣ በተጠረዘበት ጎኑ ላይ ያለው ርዕስ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የፊደሎቹ አናት ወደ ቀኝ ነው። የፈረንሳይ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። የእንግሊዝኛው ልማድ ምክንያት አለው። መጽሐፉን የፊት ሽፋኑን ወደ ላይ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ ብታስተኛው፣ የጎኑ ርዕስ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

የዐረብኛ መጽሐፍ የሚጠረዘው በቀኝ በኩል ነው። እሱንም የፊት ሽፋኑን ወደ ላይ አድርገህ አስተኛውና በተጠረዘበት ጎን ዞረህ ተመልከተው። የመጽሐፉ ራስ በቀኝህ ነው። ዐረብኛም ከቀኝ ይጀምራል። እንግዲህ ርዕሱ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ ከራስጌ ተነስቶ ወደ ግርጌ መሄድ አለበት። መጽሐፉን መልሰህ ብታቆመው ጽሑፉ አሁንም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የፊደሎቹ አናት ግን ወደ ግራ ዞሯል። የእንግሊዝኛው የመስታወት ግልባጭ ማለት ነው። አንባቢውም አንገቱን የሚያጋድለው ወደ ግራ ነው።

ሁሉም ዐረብኛ አሳታሚ በዚህ አይስማማም። መደርደሪያ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ታገኛለህ። ብዙ ቅጽ ያላቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ደግሞ ጣጣውን ጨርሶ ሸሽተውታል፤ ጎናቸው ሰፊ ስለሆነ ርዕሱ አግድም ይጻፍበታል። ድሮ በእጅ የተጻፉት ጥራዞች ጭራሽ አይቆሙም ነበር። ተኝተው ስለሚቀመጡ፣ ርዕሳቸው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በገጾቹ የግርጌ ጠርዝ ላይ ነበር።

ወደ ቡናው መጽሐፍ እንመለስ። 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው። አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወፍር ጎኑ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሚሊ ስትተው 8 ሚሊ ይቀርሃል። ይሄ 8 ሚሊ ለእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ሙሉ በሙሉ ይውላል። ለዐረብኛ ግን እንደዚያ አይደለም። በርዕሳችን ውስጥ ላም የሚባለው ፊደል ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ራ እና ዋው ከመስመሩ በታች ይወርዳሉ፣ ኻ ደግሞ ከላይ ነጥብ ከታች ሆድ አለው። ሁሉም 8 ሚሊ ውስጥ ሲገቡ የቃሉ ዋና አካል ትንሽ ይሆናል። መሀል ላይ መዋሉም በዓይን እንጂ በሶፍትዌሩ የማሃል ቁልፍ ብቻ አይለካም።

ርዕሱ አጭር ሆኖ ክፍት ቦታ ቢተርፍስ? የእንግሊዝኛ ዲዛይነር በፊደሎቹ መካከል ክፍተት ይጨምራል። ዐረብኛ ላይ ይሄ መያያዣውን ይበጥሰዋል። የሚቻለው ካሺዳ የሚባለውን መያያዣ መስመር መሳብ ነው፤ እሱም በልክ።

ስክሪን ላይ ደግሞ አቅጣጫው በኮድ ይነገራል። ለርዕሳችን ይሄ ይበቃል፦

```html
<div dir="rtl" lang="ar"
     style="writing-mode: sideways-lr">
تاريخ القهوة
</div>
```

ሰዎች የለመዱት `vertical-rl` ነው። እሱ ዐረብኛውን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ በ`rtl` ሲሆን ደግሞ ጽሑፉ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። `sideways-lr` የማያውቅ የቆየ ብራውዘር ካለ `vertical-rl` ላይ `transform: rotate(180deg)` ጨምሮ እዚያው ውጤት ላይ መድረስ ይቻላል። `text-orientation: upright` ግን አትንካ። ፊደላቱን ነጣጥሎ ይቆልላቸዋል፤ እንዳልነው ያ አይሆንም። ፓወርፖይንት ውስጥም `Stacked` የሚለው ምርጫ ለዐረብኛ አይሆንም፤ እዚያም ዎርድ ላይም የሚመረጠው `Rotate all text 270°` ነው።

ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ሌላ ችግር አለ። አንቀጹ `Adobe World-Ready Paragraph Composer` ላይ ካልተደረገ ፊደላቱ ተለያይተው፣ ከግራ ወደ ቀኝም ተገልብጠው ሊወጡ ይችላሉ። ዐረብኛ የማያነብ ሰው ይሄን አያስተውልም። አንድ ቀላል ምልክት አለ፦ ትርጉሙ በመጣበት ፋይል ላይ ተቀጣጥሎ የሚታየው ቃል ጎኑ ላይ ክፍተት ክፍተት ካለው ተበላሽቷል።

የሽፋኑ ዝርግ ፋይልም መገልበጥ አለበት። በእንግሊዝኛው የኋላ ሽፋን በግራ፣ ጎኑ መሀል፣ የፊት ሽፋን በቀኝ ነው። በዐረብኛው የፊት ሽፋን በግራ ይሆናል። ይሄን ረስቶ ጎኑን ብቻ ያዞረ ሰው ርዕሱን ተዘቅዝቆ ያገኘዋል።

ቁጥር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዐረብኛ ውስጥም ቢሆን የአንድ ቁጥር አሃዞች ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄዱት። በተጋደመው ጎን ላይ ጽሑፉ ሲወርድ ቁጥሩ ይወጣል። ለቅጽ ቁጥር ጥሩው መፍትሔ ሳያጋድሙ ከግርጌ አካባቢ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የበለጠ የሚያስቸግረው ቦክስ ፋይል ጎን ላይ የሚለጠፈው «2015-2016» ነው። ከፊቱ የዐረብኛ ቃል መኖር አለመኖሩ ብቻ የሁለቱን ዓመቶች ቦታ ሊያቀያይር ይችላል። ሰረዙን ትቶ «ከ2015 እስከ 2016» ብሎ በቃል መተርጎም ይሻላል።

አንድ ነገር ከሥራው በፊት ይታይ። የተጋደመ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ለተርጓሚው በሚላከው የዎርድ ፋይል ውስጥ የለም። ስካን ከተደረገ ገጽ ላይ ፊደል የሚለቅም ፕሮግራምም ሊዘለው ይችላል። የካርቶን ዲዛይን ላይ ደግሞ ጽሑፉ ወደ ሥዕል ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋ አያገኘውም። የዕቃውን አራቱንም ጎን የሚያሳይ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከማተሚያ ቤት በፊት ደግሞ ሽፋኑን በተራ ወረቀት አትመህ በቀኝ በኩል የሚከፈት መጽሐፍ ላይ ጠቅልለው። ጠረጴዛ ላይ አስተኛውና ጎኑን ተመልከት።

እንግሊዝኛና ዐረብኛ በአንድ ጥራዝ ሲሆኑ ሁለት የፊት ሽፋን ይኖራል፣ ጎኑ ግን አንድ ነው። ብዙውን ጊዜ ጎኑ ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ በራሱ ልማድ ከተጋደመ፣ እንግሊዝኛው ሽፋን ወደ ላይ ሲሆን እንግሊዝኛው ቀጥ ይላል፤ መጽሐፉ ሲገለበጥ ዐረብኛው ቀጥ ይላል። መደርደሪያ ላይ ሲቆም ግን ሁለቱን ማንበብ የፈለገ ሰው አንገቱን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ማጋደል ግድ ይለዋል።